የሥር ሪላክሰር በማንም እጅ ቢሠራ አንድ ዓይነት እንዲሆን

«ስታዲየም አካባቢ የሴቶች ፀጉር ቤት ከከፈትኩ አራት ዓመት ሆነኝ። አምስት ፀጉር ሠሪዎችና ሁለት አጣቢዎች አሉኝ። አንዲት ደንበኛ በአንዷ እጅ ተሠርታ ደስ ብሏት ትሄዳለች፤ ከሁለት ወር በኋላ ያቺ ልጅ ሳትኖር ሌላዋ ስትሠራት ከፍቷት ትወጣለች፤ በተለይ ሪላክሰር ላይ። በቅርቡ ሁለት አዳዲስ ልጆች ቀጥሬ ‹ከነባሮቹ እያያችሁ ተማሩ› አልኳቸው፤ እያንዳንዳቸው ከተለያየ ሰው ስለቀዱ ልዩነቱ ጭራሽ ባሰ። የሁሉንም ሥራ ቅደም ተከተል ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጥፌ ነበር፤ ዞር ብሎ ያየው የለም። ምን ይሻለኛል?»
የፀጉር ቤት ባለቤት፣ ከስታዲየም አካባቢ

የተከበሩ ጠያቂያችን፣

ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት ያንሱትና ለጊዜው አንድ ሥራ ብቻ ይያዙ፤ እሱም የሥር ሪላክሰር ይሁን። ሹሩባ ቢበላሽ ተፈትቶ እንደገና ይሠራል፤ ፔስትራም ቢበላሽ በሚቀጥለው እጥበት ይለቃል። ሪላክሰር ግን የፀጉሩን ውስጣዊ አሠራር ለዘለቄታው የሚለውጥ ኬሚካል ስለሆነ ስህተቱ እስኪቆረጥ ድረስ ከደንበኛዋ ጋር ይኖራል። ከዚህም በላይ፣ ከፀጉር ቤት ሥራዎች ሁሉ በሰዓትና በዓይን ሊለካ የሚችለው አብዛኛው ነገር ያለው በዚህ ሥራ ውስጥ ነውና፣ የጽሑፍ መመሪያ ከሁሉ የሚጠቅመውም እዚሁ ላይ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እንደ እርስዎ ያለ ችግር የገጠማት የአንዲት ፀጉር ቤት ባለቤት ጠርታኝ፣ ደብተርና የስልክ ሰዓት ይዤ ጥግ ላይ ተቀምጬ ሁለት ፀጉር ሠሪዎቿን ቀኑን ሙሉ ተመልክቼ ነበር። ሁለቱም የሚጠቀሙት ከአንድ ቆርቆሮ ነው፤ ደንበኞቻቸውም የፀጉራቸው ውፍረት መካከለኛ የሆነና ካለፈው ሪላክሰር ሁለት ወር ያለፋቸው፣ የፀጉራቸው ሥር 2 ሳንቲሜትር ገደማ ያደገ ሴቶች ነበሩ። የመጀመሪያዋ ከኋለኛው የራስ ክፍል ጀምራ በ8 ደቂቃ ቀብታ ጨረሰች፤ የግንባሩን ዳር የነካችው በመጨረሻ ነው። እስከ 14ኛው ደቂቃ ድረስ በማበጠሪያ ጀርባ እያለሰለሰች ቆይታ ወደ ማጠቢያው ወሰደቻት። ስለዚህ ክሬሙ ከኋላ 14 ደቂቃ ያህል ሲቆይ፣ ግንባር ላይ የቆየው 7 ደቂቃ ብቻ ነው።

ሁለተኛዋ ደንበኛዋ በመስታወት የምታየው ፊት ለፊቷን ነው በማለት ከግንባር ጀመረች። በመሐል ስልክ አነሳች፤ ለሌላ ሰው ክሊፕ አቀበለች፤ ሁሉንም ቀብታ የጨረሰችው በ15ኛው ደቂቃ ላይ ነው። ከዚያ «አቃጠለሽ?» እያለች ስትጠይቅ ቆይታ፣ ደንበኛዋ «አዎ» ስትላት በ22ኛው ደቂቃ ማጠብ ጀመረች። የግንባሩ ፀጉር 22 ደቂቃ በክሬም ውስጥ ሲቆይ፣ መጨረሻ የተቀባው የኋላው 8 ደቂቃ እንኳን በቅጡ አልሞላም። በአብዛኛው ሰው ላይ ግን ቀጭኑና ቶሎ የሚጎዳው የግንባር፣ የጆሮ ግንድና የማጅራት ዳር ፀጉር ሲሆን፣ ጠንከር ያለው ከአናት ወደ ኋላ ያለው ነው። ስለዚህ ጥቂት የሚበቃው ብዙ፣ ብዙ የሚያስፈልገው ጥቂት አገኘ ማለት ነው። የዚች ደንበኛ ግንባር ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሲሳሳ፣ የኋላው ደግሞ ላብ ሲነካው ተመልሶ ሲከረደድ፣ ሴትየዋ የምትለው «የእሷ እጅ አይስማማኝም» ነው። በሁለቱ መካከል ያየሁት ልዩነት ግን የመነሻ ቦታና የሰዓት ልዩነት ነበር፤ ሁለቱም በጽሑፍ ሊሰፍሩና በአንድ ሳምንት ሊለመዱ የሚችሉ ነገሮች ናቸው።

ያቺ «አቃጠለሽ?» የምትል ጥያቄ በከተማችን ፀጉር ቤቶች እንደ ሰዓት ታገለግላለች፤ ከእርስዎ ቤት በቅድሚያ ልትወጣ የሚገባት ልማድም እሷ ናት። ማቃጠሉ የሚናገረው ስለ ቆዳው ነው፤ ፀጉሩ ስለ መለስለሱ የሚነግረን ነገር የለም። የሪላክሰር ክሬም ፒኤቹ ከ12 በላይ የሆነ ኃይለኛ አልካሊ ስለሆነ፣ ትናንት ራሷን ያከከች ሴት በ4ኛው ደቂቃ ይለበልባታል፤ ቫዝሊን በደንብ የተቀባችና ቆዳዋ የማይሰማት ደግሞ ፀጉሯ ከልክ በላይ በስሎም ምንም ላይሰማት ይችላል። ልጆችዎ በቃጠሎ እየለኩ እስከ ሠሩ ድረስ፣ ውጤቱ እንደየደንበኛው ቆዳ መለዋወጡ አይቀርም። ሕጉ እንዲህ ይሁን፦ ጊዜውን የሚወስነው ሰዓትና የፀጉሩ መልክ ነው፤ ደንበኛዋ «አቃጠለኝ» ካለች ግን ስንተኛው ደቂቃ ላይ ቢሆን፣ ግማሹ ራስ ሳይቀባ ቀርቶም ቢሆን፣ «ትንሽ ቻይው» ሳይባል ወዲያው ይታጠባል።

አሁን ወደ ጽሑፉ እንምጣ። የቀድሞው ወረቀት ያልተነበበው ልጆቹ ሰነፎች ስለሆኑ አይመስለኝም፤ «ሥሩን በጥንቃቄ መቀባት» የሚል ዓረፍተ ነገር ለምታውቀው የማያስፈልግ፣ ለማታውቀው ደግሞ ምንም የማይነግር ስለሆነ ነው። እያንዳንዱ መስመር ሌላ ሰው ከጎን ቆሞ «ይህ ተደርጓል» ወይም «አልተደረገም» ሊል የሚችልበት መሆን አለበት። እንዲህ ያለው ጽሑፍ ከቢሮ ጠረጴዛ ላይ አይወጣም። ደንበኞች ቅሬታ የማያቀርቡባትን ልጅ ይምረጡ፤ ሦስት ራስ ስትሠራ በሰዓት እየተከታተሉ የምታደርገውን ብቻ ይጻፉ፤ ከዚያ ለእሷ አንብበውላት ታርመው። ሳታውቀው የምታደርገው ብዙ ነገር እንዳለ ስታነቡት ሁለታችሁም ትገረማላችሁ።

ከእርስዎ ወረቀት እንዳይጎድሉ የምፈልጋቸውን ልንገርዎት። የመጀመሪያው መስመር ቆርቆሮው ሳይከፈት የሚደረግ ሲሆን እሱም ውኃን ይመለከታል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ክሬም ራስ ላይ ካለ በኋላ ቧንቧው ቢደርቅ የሚደርሰውን አደጋ ማንም ፀጉር ሠሪ ያውቀዋል፤ ስለዚህ ጀማሪዋ ወጥታ ሮቶው ውስጥ ያለውን ውኃ በዓይኗ አይታ፣ የማጠቢያውን ቧንቧ ከፍታ ለብ ያለ ውኃ መውረዱን በእጇ ሳታረጋግጥ ሪላክሰር አይጀመርም። መብራት ሲጠፋ ውኃ የሚገፋው ፓምፕም አብሮ የሚቆም ከሆነ፣ ለአንድ ራስ የሚበቃ ውኃ በጀሪካን ይቀመጥ።

ቀጥሎ ጥያቄዎቹ ይመጣሉ፤ በቃል ተጠንተው በሁሉም አፍ አንድ ዓይነት ሆነው መጠየቅ አለባቸው። ራስዎን መቼ ታጠቡ? ሹሩባ ወይም ስፌት መቼ ፈቱ? ሂና ወይም ቀለም ነክቶት ያውቃል? ባለፈው የተቀቡት ምን ዓይነት ነበር? ሪላክሰር ከመቀባቱ በፊት ፀጉሩ መታጠብም መታከክም የለበትም፤ ስለዚህ ደንበኛ በገባች ቁጥር ወደ ማጠቢያው መውሰድ የለመዱት አጣቢዎችዎም ይህን ማወቅ ይኖርባቸዋል። ትናንት ሹሩባ የፈታች ሴት ቆዳዋ የተቧጠጠ ሊሆን ስለሚችል ከጥቂት ቀናት በኋላ ተመልሳ እንድትመጣ ትጠየቅ። ከመልሷ በኋላ ፀጉሩ በአራት ቦታ ተከፍሎ ቆዳው ይታያል፤ ጭረት፣ ቁስል ወይም ሽፍታ ከተገኘ የዚያን ቀን አይሠራም። ከዚያ ከአሮጌው ፀጉር አንዲት ዘለላ በውኃ ተነክራ በቀስታ ትሳባለች፤ ጤናማ ፀጉር ተስቦ ይመለሳል። ሳይመለስ እንደ ማስቲካ ከተለጠጠ ወይም ከተበጠሰ ደንበኛዋ የሚያስፈልጋት ትሪትመንት ነው።

የቅቡ ክፍል ደግሞ እንዲህ ይጻፍ። በግንባር፣ በጆሮ ዙሪያና በማጅራት ዳር ቫዝሊን ይቀባል፤ ካሁን በፊት የለሰለሰው ፀጉር ላይ ክሬሙ እንዳይወርድ ኮንዲሽነር ይደረግበታል። ራሱ በአራት ተከፍሎ በክሊፕ ይያዛል፤ ጓንት ይጠለቃል፤ የሰዓቱ ቆጠራ የመጀመሪያው ክሬም ፀጉር ሲነካ ይጀመራል፤ ሰዓቱም በደንበኛዋ ካርድ ላይ ይጻፋል። ከኋላ ሁለት ክፍሎች ተጀምሮ፣ በባለ ጭራ ማበጠሪያ ከግማሽ እስከ አንድ ሳንቲሜትር ስስ መስመር እየተከፈተ፣ ክሬሙ ከቆዳው ግማሽ ሳንቲሜትር ያህል ርቆ አዲስ የበቀለው ሥር ላይ ብቻ ይደረጋል፤ የግንባር፣ የጆሮና የማጅራት ዳር መጨረሻ ላይ ይነካል። ቀብቶ ለመጨረስ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ይፈቀዳል። ከዚያ በማበጠሪያው ጀርባ ቀስ ተብሎ ይለሰልሳል፤ ጥርሱን አስገብቶ መጎተት ክልክል ነው። አንዲት ዘለላ ክሬሙ ተጠርጎላት ስትታይ ሥሯ ሳይጠቀለል ቀጥ ብላ ከተኛች ጊዜው ደርሷል፤ ካልተኛች ይቀጥላል፤ ነገር ግን እሽጉ ላይ ለዚያ የፀጉር ዓይነት የተጻፈው የመጨረሻ ደቂቃ በምንም ምክንያት አይታለፍም። ሰዓቱን ከመጀመሪያው ንክኪ ይቁጠሩ ወይስ ተቀብቶ ካለቀ በኋላ የሚለውም እንደ አምራቹ ስለሚለያይ፣ ወረቀትዎ ላይ በምርቱ ስም ይግባ።

እጥበቱን ከሌላው ሁሉ አጥብቀው ይያዙት፤ ብዙ ጊዜ የሚሠራው በአጣቢዋ ስለሆነ «ቀላል ሥራ» ተብሎ የሚታለፈው እሱ ነው። ክሬሙ በለብ ባለ ውኃ ቢያንስ 5 ደቂቃ ይለቀቃል፤ ትኩስ ውኃ የተቆጣውን ቆዳ ይበልጥ ያስቆጣዋል። ከዚያ ኒውትራላይዚንግ ሻምፖ ይደረጋል። ቀለም የሚያሳየውን ዓይነት ይግዙ፤ አልካሊ እስካለ ድረስ አረፋው ሮዝ ይሆናል፤ ሲለቅ ነጭ ይሆናል። ጀማሪዋን ከማጠቢያው አጠገብ አቁመው በመጀመሪያው ዙር ላይ ከአናት አንድ ጣት አረፋ፣ ከማጅራት ደግሞ ሌላ ጣት አረፋ እንድታነሳና ጎን ለጎን እንድታያቸው ያድርጉ። የአናቱ ነጭ ሆኖ ሳለ ደንበኛዋ የተኛችበት የማጅራት ሥር ግን ገና ሮዝ ሆኖ ታገኘዋለች፤ ምክንያቱም እጅም ውኃም እዚያ እምብዛም አይደርስም። ይህን አንድ ጊዜ በጣቷ ያየች ልጅ ከዚያ በኋላ ራስ ቀና አድርጋ ማጅራት ሳታጥብ አትነሣም። በወረቀቱ ላይ «ሦስት ጊዜ ይታጠብ፤ የመጨረሻው ለጥቂት ደቂቃ ይቆይ፤ ከማጅራት የተነሣው አረፋ ነጭ ይሁን» ተብሎ ይጻፍ።

ሁለቱን አዳዲስ ልጆች በዚህ ወረቀት ሲያሠለጥኑ፣ እውነተኛው ክሬም እጃቸው ላይ ከመድረሱ በፊት በነጭ ኮንዲሽነር ይለማመዱ። ረፋድ ላይ ደንበኛ በማይበዛበት ሰዓት ከሠራተኞቹ አንዷ ትቀመጥ፤ ጀማሪዋ ሰዓት ተይዞባት ሙሉ ራስ በኮንዲሽነር ትቀባ። ስትጨርስ ነባሯ ክፍሎቹን አንድ በአንድ እየከፈተች ታሳያት፤ ነጩ ቆዳ ላይ ካረፈ እዚያ ቃጠሎ ሊኖር ነበር፤ ወደ አሮጌው ፀጉር ከወረደ እዚያ ሊሰበር ነበር፤ ሥሩ ጥቁር ሆኖ የቀረበት ቦታ ሳይለሰልስ ሊቀር ነበር። የመጀመሪያ ቀን 20 ደቂቃ የፈጀባት ልጅ በሁለተኛው ሳምንት ወደ 10 ትወርዳለች፤ እኔ ያሠለጠንኳቸው በአብዛኛው እንደዚያ ነበሩ። እዚያ ሳትደርስ ክሬም አይሰጣት። ሲሰጣትም ነባሯ አጠገቧ ቆማ ወረቀቱን ይዛ እያንዳንዱን መስመር ምልክት ታድርግበት፤ አምስት ራስ በተከታታይ አንድም መስመር ሳይዘለል ሲያልፍ ነባሯም እርስዎም ፈርማችሁ ብቻዋን ትሠራለች። ከግል ማሠልጠኛ የምስክር ወረቀት ይዛ የመጣችም ብትሆን ከዚህ አትለፍ፤ የተማረችው በሌላ ምርትና በሌላ ሰዓት ሊሆን ይችላልና።

እዚህ ላይ ልጆችዎ በግልጽ የማይነግሩዎትን አንድ ነገር ላንሣ። ፀጉር ሠሪዎችዎ እንደ ብዙዎቹ ቤቶች በፐርሰንት የሚከፈሉ ከሆነ፣ ነባሯ አጠገብ ቆማ የምታስተምርበት ሰዓት ከኪሷ የሚወጣ ገንዘብ ነው፤ ያስተማረቻት ልጅም ነገ ደንበኛዋን ትወስድብኛለች ብላ ትሰጋለች። ይህ ስጋት ክፋት አይደለም፤ የኑሮ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ለምታሠለጥንበት ሰዓት ቁርጥ ያለ ክፍያ ይመድቡ፤ የፈረመችላት ጀማሪ ቅሬታ ሳይመጣባት ሁለት ወር ስትሠራ ደግሞ ተጨማሪ ይስጧት። የደንበኛ ምርጫም ይከበር፤ «እሷ ትሥራኝ» ያለችውን ሴት ለሌላ አይስጡ። ወረቀቱ የሚገዛው ከጥያቄው እስከ ነጩ አረፋ ያለውን ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ካስክ፣ ቢጎዲን፣ ፔስትራና የፊት አቆራረጥ ለእያንዳንዷ እጅ ይተው። ሁሉንም በደቂቃ ለማሰር የሞከረች ባለቤት ጥሩ ጥሩ ልጆቿን ስታጣ አይቻለሁ።

ለእያንዳንዷ የሪላክሰር ደንበኛ ካርድ ያውጡ፤ የምርቱ ስም፣ የተጀመረበትና የታጠበበት ሰዓት፣ የሠራችው ልጅ፣ ያቃጠለ ቦታ ካለ የት እንደሆነ ይጻፍበት። በሚቀጥለው ጊዜ ሌላዋ ልጅ ስትቀበላት የምትጀምረው ካለፈው ደቂቃ እንጂ ከግምት አይሆንም። ቅሬታ ይዛ የተመለሰች ደንበኛም ስትኖር ካርዱ አጠገብ ፀጉሯን ይመልከቱት፤ ፀጉሩ ራሱ የቱ መስመር እንደ ተዘለለ ይናገራል። አዲሱና አሮጌው በሚገናኙበት ቦታ ላይ አጫጭር ብጣሾች ከቆሙ ክሬሙ ወደ አሮጌው ወርዷል። የግንባሩ ዳር ብቻ ከሳሳ ከፊት ተጀምሯል ወይም ቆይቷል። የኋላው በላብ ከተጠቀለለ ጊዜው አልሞላም፤ አለዚያም መስመሩ ወፍራም ሆኖ ክሬሙ መሐል አልደረሰም። ከቀናት በኋላ ማጅራቷን የሚያሳክካትና የሚደርቅባት ከሆነ እጥበቱን ይመርምሩ። ልጅቷን በሰው ፊት አይቆጡ፤ ያን አንድ መስመር ብቻ በኮንዲሽነር እንደገና ታሳይዎት።

የለመዳችሁት ምርት ከመርካቶ ጠፍቶ ሌላ ሲገዙ ወረቀቱ እንዳለ አይቀጥልም። አንዱ ቆርቆሮ ተከፍቶ እንዳለ የሚቀባ ሲሆን፣ ሌላው ክሬሙና አክቲቬተሩ ለየብቻ መጥተው ሊቀባ ሲል የሚደባለቅና የተረፈው ለነገ የማይቀመጥ ነው፤ ደቂቃቸውም አንድ አይደለም። ከዚህም ሌላ በአንድ ፀጉር ላይ ሊገናኙ የማይገባቸው ኬሚካሎች አሉ፤ ፍሪዝ የሚደረግበት የታዮግላይኮሌት መድኃኒት የነካው ፀጉር የተለመደው ሪላክሰር ቢደረብበት ይበጣጠሳል። አዲስ እሽግ በገባ ቁጥር አንብበው ደቂቃዎቹን ያስተካክሉ፤ ለሁሉም በአንድ ጠዋት ያስረዱ፤ አሮጌውን ወረቀት ቀድደው ይጣሉት።

መጨረሻ ላይ የምጨምረው መስመር አንዲት ፀጉር ሠሪ በአንድ ጊዜ ክሬም ውስጥ ያለ ከአንድ በላይ ራስ አትያዝ የሚለውን ነው። በፋሲካና በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ በሠርግ ቅዳሜም ወንበሩ ሁሉ ሞልቶ ሰው በር ላይ ሲቆም፣ የአንዷን ቀብቶ ወደ ሌላዋ መዞር ያጓጓል፤ ሰዓቱ የሚጠፋውም ያኔ ነው። በእነዚያ ቀናት ያልተፈረመላት ጀማሪ ክሬም አትንካ፤ ማጠቢያው ላይ ቆማ የማጅራቱን አረፋ ታጣራ፤ ቀጠሮ ያልያዘችውን የሪላክሰር ደንበኛ ደግሞ እርስዎ ራስዎ ወጥተው ከበዓሉ በኋላ እንድትመጣ ይንገሯት።